ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ብሎክ፦ ኃይሎቹን አመጣጥኖ አክስለሬሽኑን ማግኘት

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምጠየቅ አንድ ቦታ ላይ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው፦ «ብሎኩ እየተንሸራተተ ነው፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው፤ ታዲያ ኃይሎቹ እኩል ናቸው ብለን እንዴት እንጀምራለን?»

ኃይሎቹ የሚመጣጠኑት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እሱም ለወለሉ ቀጤ ነክ የሆነው፣ ማለትም ከወለሉ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራው አቅጣጫ ነው። ብሎኩ ወለሉን ሰርስሮ አይገባም፣ ከወለሉም ተነሥቶ አይበርም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የሚገፋውና የሚመልሰው እኩል ናቸው። በተዳፋቱ ቁልቁል ግን እኩል አይደሉም፣ አክስለሬሽኑም የሚመጣው ከዚያ ልዩነት ነው። ሥራው ሁሉ እነዚህን ሁለት አቅጣጫዎች ሳያምታቱ ለየብቻ መያዝ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ፕሮትራክተር
- ሳይንና ኮሳይን የሚያወጣ ካልኩሌተር
- በተግባር ማየት ከፈለጋችሁ፦ ረዘም ያለ ለስላሳ ጣውላ፣ ጠፍጣፋ የእንጨት ጉማጅ፣ ሜትርና ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ

ከመጀመራችሁ በፊት ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ ጥሩ ነው። −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው ያለው፣ ቀይሩት። ይህን ሳያዩ ገብተው ከታች እስከ ላይ ትክክል ሠርተው መልሱ ብቻ የሚበላሽባቸው ብዙ ናቸው።

የምንሠራው ጥያቄ

ማሱ 4 ኪሎ ግራም የሆነ ብሎክ ከአግድም 30 ዲግሪ ባዘነበለ ወለል ላይ ተቀምጧል። በብሎኩና በወለሉ መካከል የስታቲክ ሰበቃ ኮኤፊሸንት 0.40፣ የካይኔቲክ ሰበቃ ኮኤፊሸንት ደግሞ 0.30 ነው። ሰበቃ ስል ክፍል ውስጥ ፍሪክሽን የሚባለውን ነው። ብሎኩ ከቆመበት ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ይንሸራተታል ወይ? ከተንሸራተተስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? g = 9.8 እንውሰድ።

1. ብሎኩን ብቻውን ሣሉ

ተዳፋቱን ሣሉና ብሎኩን አስቀምጡ። ከዚያ ብሎኩን የሚነኩትን ኃይሎች ብቻ በቀስት አሳዩ። እዚህ ሦስት ብቻ ናቸው፦

- ክብደቱ (mg)፣ በቀጥታ ወደ ምድር
- ወለሉ ብሎኩን የሚገፋበት ኖርማል ኃይል (N)፣ ለወለሉ ቀጤ ነክ ሆኖ ወደ ውጭ
- ሰበቃው (f)፣ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ላይኛው ጫፍ

ሰበቃው ወደ ላይ የሆነው ብሎኩ ወደ ታች ሊሄድ ስለሚፈልግ ነው። ሰበቃ ሁልጊዜ መንሸራተቱን ይቃወማል፤ የብሎኩ አካሄድ ከተገለበጠ ቀስቱም ይገለበጣል። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

አራተኛ ቀስት የሚጨምሩ አሉ። «ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል» ብለው ከክብደቱ ጎን ሌላ ቀስት ይሥላሉ። እንዲህ ያለ የተለየ ኃይል የለም። ወደ ታች የሚጎትተው የክብደቱ አንድ ክፋይ ነው፤ ሁለቱንም ከሣላችሁ ያንኑ ኃይል ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ ማለት ነው። አንድን ቀስት ለመፈተሽ «ይህን ኃይል የሚያሳርፈው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ክብደቱን ምድር፣ ሌሎቹን ሁለቱን ወለሉ ነው የሚያሳርፋቸው። ባለቤት የሌለው ቀስት ካገኛችሁ አጥፉት።

2. አክሲሱን ከተዳፋቱ ጋር አዘንብሉ

x አክሲስን በተዳፋቱ ላይ ወደ ቁልቁል፣ y አክሲስን ለወለሉ ቀጤ ነክ አድርጉ። አግድምና ቁም በሆነው በተለመደው አክሲስ መሥራት ይቻላል፣ ስህተትም አይደለም፤ ግን እዚያ አክስለሬሽኑ ራሱ ለሁለት ይከፈልና ሁለት ያልታወቁ ነገሮች የተቆላለፉበት እኩልታ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። አክሲሱን ስታዘነብሉት አክስለሬሽኑ x ላይ ብቻ ይውላል። y ላይ ዜሮ ነው። ከሦስቱ ኃይሎችም ሁለቱ ራሳቸው አክሲሱ ላይ ስለሚተኙ መክፈል ያለባችሁ ክብደቱን ብቻ ይሆናል።

ቁልቁሉን ፖዘቲቭ ያደረግነው ብሎኩ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። የመረጣችሁትን አቅጣጫ ሥዕሉ ላይ በ+ ምልክት አስፍሩና እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

3. ክብደቱን ለሁለት ክፈሉ

ሰው ሁሉ የሚደናቀፍባት ቦታ ይህች ስለሆነች ትንሽ እንቆይባት። ሳይኑ የቱ ላይ ነው፣ ኮሳይኑስ?

በመጀመሪያ አንግሉ የት እንዳለ እንይ። ጣውላው አግድም ተኝቶ እያለ የክብደቱ ቀስትና ለጣውላው ቀጤ ነክ የሆነው መስመር አንድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ታች ያያሉ። አሁን የጣውላውን አንዱን ጫፍ 30 ዲግሪ አንሡት። ቀጤ ነኩ መስመር ከጣውላው ጋር ስለተያያዘ እሱም 30 ዲግሪ ይዞራል። ክብደቱ ግን አይዞርም፣ አሁንም ወደ ምድር ነው። ስለዚህ በክብደቱና በቀጤ ነኩ መስመር መካከል የተፈጠረው አንግል ያው 30 ዲግሪ ነው። በክብደቱና በተዳፋቱ መካከል ያለው ደግሞ 60 ነው። ብዙ ሥዕል ላይ 30ው የተሳሳተ ቦታ የሚጻፈው እዚህ ነው፤ በፕሮትራክተር ለክታችሁ አረጋግጡ።

ከአንግሉ ጎን ያለው፣ ማለትም ቀጤ ነኩ ክፋይ ኮሳይን ያገኛል። ከአንግሉ ፊት ለፊት ያለው፣ ማለትም የቁልቁሉ ክፋይ ሳይን ያገኛል።

```
ክብደት = mg = 4 × 9.8 = 39.2 N
ቁልቁል፦ mg sin30° = 39.2 × 0.500 = 19.6 N
ወደ ወለሉ፦ mg cos30° = 39.2 × 0.866 = 33.95 N
```

ፈተና ላይ ከተጠራጠራችሁ አንግሉን በሐሳባችሁ ዜሮ አድርጉት። ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ነው። ጠፍጣፋ ወለል ላይ ቁልቁል የሚጎትት የለም፣ ዜሮ መሆን አለበት፤ የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፣ የዜሮ ኮሳይን ግን 1 ነው። ስለዚህ ቁልቁሉ ሳይን ነው። መሸምደድ አያስፈልግም፣ በአምስት ሰከንድ ትደርሱበታላችሁ።

4. ቀጤ ነኩን አቅጣጫ አመጣጥኑ

ማመጣጠን የሚባለው ሥራ ይህ ነው። y ላይ አክስለሬሽን ስለሌለ ወደ ውጭ የሚገፋው ወደ ውስጥ ከሚጫነው ጋር እኩል ነው፦

```
N − mg cos30° = 0
N = 33.95 N
```

N ከ39.2 እንደሚያንስ ልብ በሉ። «ኖርማል ኃይል ከክብደት ጋር እኩል ነው» የሚለው ልማድ የሚሠራው ወለሉ አግድም ሲሆንና ሌላ የሚጫን ወይም የሚያነሣ ኃይል ከሌለ ብቻ ነው። እዚህ N ን 39.2 ብላችሁ ብትወስዱ ሰበቃው ይበዛባችኋል፣ አክስለሬሽኑም ያንሳል፤ ቁጥሩ ግን እውነት ስለሚመስል አታውቁበትም። ስለዚህ N ን ሁልጊዜ ከዚህ እኩልታ አውጡት እንጂ ገምታችሁ አትጻፉት።

5. መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ብሎኩ ቆሞ እያለ የሚይዘው ስታቲክ ሰበቃ ነው። ስታቲክ ሰበቃ አንድ የተወሰነ ቁጥር የለውም፤ የሚያስፈልገውን ያህል ይይዛል፣ ጣሪያ ግን አለው። ጣሪያው ኮኤፊሸንቱ በ N ሲባዛ ነው፦

```
ጣሪያው = 0.40 × 33.95 = 13.58 N
የሚጎትተው = 19.6 N
```

የሚጎትተው ከጣሪያው ይበልጣል። ስለዚህ ሊይዘው አልቻለም፣ ብሎኩ ይንሸራተታል። ወደ ቀጣዩ ማለፍ እንችላለን።

ባይበልጥስ? ያንኑ ብሎክ 15 ዲግሪ ላይ እናስቀምጠው። የሚጎትተው 39.2 × sin15° = 10.15 ኒውተን ይሆናል፣ N ወደ 37.86 ያድጋል፣ ጣሪያውም 15.15 ይሆናል። ሰበቃው ይችለዋል፣ ብሎኩ አይነቃነቅም፣ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። እዚህ ላይ «ሰበቃው ስንት ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ 15.15 አይደለም፤ 10.15 ነው። 15.15 ቢሆን ኖሮ ሰበቃው ከሚጎትተው በልጦ የቆመውን ብሎክ ሽቅብ ይነዳው ነበር። እንዲህ አይሆንም፤ ሰበቃ ያግዳል እንጂ የቆመን ነገር ራሱ አያስነሣም።

6. የሚንሸራተተውን ሰበቃ አስሉ

ብሎኩ ከተነሣ በኋላ 0.40ን እርሱት። አሁን የሚሠራው ካይኔቲኩ ነው፦

```
f = 0.30 × 33.95 = 10.18 N
```

ይህኛው ጣሪያ ሳይሆን ትክክለኛው መጠን ነው። በምንሠራበት ደረጃ ብሎኩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያው እንደሆነ እንወስዳለን። የስፋቱም ነገር አይገባበትም፤ ብሎኩን በሰፊው ጎኑም በጠባቡም ብታስቀምጡት ወለሉና የብሎኩ ገጽ ዓይነታቸው እስካልተቀየረ ድረስ ስሌቱ አይለወጥም።

7. የቀረውን ኃይል ለማሱ አካፍሉ

አሁን x ላይ ነን። እዚህ ማመጣጠን የለም፣ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፦

```
mg sin30° − f = ma
19.6 − 10.18 = 4a
9.42 = 4a
a = 2.35 m/s²
```

ብሎኩ በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ2.35 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ቁልቁል ይወርዳል።

ሁሉንም በፊደል ብትሠሩት m ከየቦታው ይጠፋል፦

```
a = g(sinθ − μ cosθ)
```

እዚህ ውስጥ μ ካይኔቲኩ ነው። ማሱ ስለጠፋ ብሎኩ 40 ኪሎ ግራም ቢሆንም መልሱ ያው 2.35 ነው። የሚጎትተው አሥር እጥፍ ሲሆን N አሥር እጥፍ ይሆናል፣ ሰበቃውም እንዲሁ፣ ከዚያ የሚካፈልለት ማስም እንዲሁ። ማሱ ያልተሰጠበት ጥያቄ ሲመጣ «ጎደለብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፣ አያስፈልጋችሁም።

ይህን ቀመር በቀጥታ ሸምድዳችሁ እንድትገቡ ግን አልመክርም። ብሎኩን ሰው በገመድ እየጎተተው ከሆነ፣ ወይም ከላይ በእጅ እየተጫነው ከሆነ ቀመሩ አይሠራም፤ እርምጃ 4 ላይ N ወይም እርምጃ 7 ላይ የኃይሎቹ ድምር ይቀየራል፣ መልሱም አብሮት ይቀየራል። እርምጃዎቹ ግን በዚያም ይሠራሉ።

8. መልሱን ፈትሹ

ሰበቃ ባይኖር አክስለሬሽኑ 9.8 × 0.5 = 4.9 ይሆን ነበር። የእኛ 2.35 ከዚያ ያነሰ ነው፣ ከዜሮም ይበልጣል። መልካም። ከ4.9 በላይ ካገኛችሁ የሰበቃው ምልክት ተገልብጦባችኋል። ከ9.8 በላይ ከሆነማ በነጻ ከሚወድቅ ነገር የፈጠነ ብሎክ ነውና ወደ እርምጃ 1 ተመለሱ።

ኔጋቲቭ ሲመጣ

ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ይህ ነው። 15 ዲግሪውን ጥያቄ፣ እርምጃ 5ን ዘላችሁ ቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ብታስገቡት 9.8 × (0.2588 − 0.30 × 0.9659) ይሆንና −0.30 ይወጣል። ቆሞ የነበረ ብሎክ ራሱን ችሎ ዳገት ወጣ ማለት ነው! ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቆሞ ላለ ብሎክ የሚንሸራተተውን ቀመር መጠቀማችን ነው።

ያው ብሎክ በ15 ዲግሪው ላይ ቀድሞ ወደ ታች ተገፍቶ እየተንሸራተተ ቢሆን ኖሮ ግን −0.30 ትክክለኛ መልስ ነው። ትርጉሙም እየወረደ ይዘገያል ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ኔጋቲቭ ቁጥር ስታዩ ከመሰረዛችሁ በፊት ጥያቄውን እንደገና አንብቡ፦ ከቆመበት ነው የተነሣው ወይስ ሲሄድ ነው ያገኘነው?

በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ደስ የሚል ቦታ አለ። የሚጎትተው ከሰበቃው የሚበልጠው ሳይኑ ለኮሳይኑ ሲካፈል፣ ማለትም ታንጀንቱ፣ ከኮኤፊሸንቱ ሲበልጥ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ታንጀንቱ 0.364 ነው፤ ከ0.30 ይበልጣል፣ ከ0.40 ያንሳል። እዚያ ላይ ቀስ ብላችሁ ካስቀመጣችሁት አይንቀሳቀስም። በጣታችሁ ትንሽ ነካ ካደረጋችሁትና ከተነሣ ግን አይቆምም፣ በ0.59 እየፈጠነ ይወርዳል። ተመሳሳይ ብሎክ፣ ተመሳሳይ ወለል፣ ሁለት የተለያየ መልስ።

ሽቅብ ከተወረወረ

30 ዲግሪው ላይ ብሎኩን ከታች ወደ ላይ ገፍታችሁ ብትለቁት፣ ሲወጣ ሰበቃው ወደ ታች ይዞራል። አሁን ክብደቱና ሰበቃው አብረው ነው የሚጎትቱት፦ 19.6 + 10.18 = 29.78 ኒውተን፣ ለ4 ሲካፈል 7.45። ወደ ታች የሚያይ አክስለሬሽን ነው፣ ስለዚህ ብሎኩ እየወጣ በፍጥነት ይዘገያል። ጫፍ ላይ ለቅጽበት ሲቆም እርምጃ 5ን እንደገና ትሠራላችሁ። የእኛ ብሎክ ጣሪያው 13.58፣ የሚጎትተው 19.6 ስለሆነ አይያዝም፤ ተመልሶ በ2.35 ይወርዳል። ለመውጣቱም ለመውረዱም አንድ አክስለሬሽን መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱን ጉዞዎች እንደ ሁለት ጥያቄ ያዟቸው።

በጣውላ መሞከር

ኮኤፊሸንቶቹን ማንም ሳይነግራችሁ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ጉማጁን ጣውላው ላይ አስቀምጡና አንዱን ጫፍ በጣም በቀስታ አንሡ። ጉማጁ ሊነሣ ሲል ያለውን አንግል ለኩ፤ የዚያ አንግል ታንጀንት የስታቲኩ ኮኤፊሸንት ነው። 21.8 ዲግሪ ላይ ከተነሣ 0.40 ነው ማለት ነው። ለካይኔቲኩ ጣውላውን ዝቅ አድርጉና ጉማጁን በየጊዜው ነካ እያደረጋችሁ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም የሚወርድበትን አንግል ፈልጉ። ያኔ x ላይም ኃይሎቹ ተመጣጠኑ፣ የአንግሉ ታንጀንት ካይኔቲኩን ይሰጣችኋል።

ከዚያ አንግሉን ከፍ አድርጋችሁ ጉማጁን ከቆመበት ልቀቁትና ሰዓቱን ያዙ። የሄደበት ርቀት L፣ የፈጀበት ጊዜ t ከሆነ a = 2L/t² ነው። የእኛ ብሎክ 1.2 ሜትር ለመንሸራተት 1.01 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጊዜው አጭር ስለሆነ በእጅ በሚጫን የሰዓት መቁጠሪያ አትመኑ። እጃችሁ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ 1.21 ታነባላችሁ፣ አክስለሬሽኑም 2.35 መሆኑ ቀርቶ 1.64 ይሆናል፣ ምክንያቱም ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። በስልክ ቀርጻችሁ ፍሬም በፍሬም እያያችሁ ቁጠሩ።

ጥንቃቄ፦ ጣውላው እንዳይንሸራተት የታችኛውን ጫፍ በሆነ ነገር አስደግፉት፣ መጨረሻው ላይም ጉማጁን የሚቀበል ጨርቅ አኑሩ። ከባድ ነገር ከሆነ እጃችሁንም እግራችሁንም ከመንገዱ አርቁ። ጉማጁን በረጅሙ አታቁሙት፤ ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል፣ ያኔ የለካችሁት አንግል የሰበቃውን ነገር አይነግራችሁም። ጣውላውንና ጉማጁን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የሚንሸራተትበትንም ገጽ በእጃችሁ አትንኩት፤ ላብና አቧራ ኮኤፊሸንቱን ይለውጡታል። በየሙከራው የተለያየ አንግል እያገኛችሁ ከተቸገራችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንን ነው።